የጄንታማይሲን መጠን በደም ውስጥ፦ መቼ ይቀዳል፣ ውጤቱስ ዶዙን እንዴት ይቀይረዋል?

እኛ ዎርድ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሰዓት አለ። የግድግዳው ሰዓት ጠዋት 4 ሲል የላቦራቶሪው ማሽን 10:00 ብሎ ያትማል። ለአብዛኛው ሥራ ችግር የለውም፣ ስድስት መደመርና መቀነስ ሁላችንም ለምደነዋል። ጄንታማይሲን ላይ ግን ይህቺ የስድስት ሰዓት ልዩነት ጣጣ ታመጣለች።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እሠራበት በነበረ ቦታ የሆነውን ላውጋችሁ። አንዲት የ24 ዓመት አራስ፣ 50 ኪሎ የምትመዝን፣ ከወሊድ በኋላ የማሕፀን ኢንፌክሽን ይዟት ከሌላ መድኃኒት ጋር ጄንታማይሲን 250 ሚሊግራም በቀን አንዴ ተጀመረላት። የሚሰጣት ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ነው። ሐኪሙ «ነገ 8:00 ላይ ደም ይቀዳ» ብሎ ጻፈ። እሱ ያሰበው በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ ማለትም ጠዋት 2 ሰዓት፣ ከሁለተኛው ዶዝ በፊት። ተረኛዋ ሲስተር ደግሞ 8 ሰዓትን ከምሳ በኋላ አድርጋ አነበበችው። አልፈርድባትም፣ እኔም ብሆን እንደዚያ ነው የማነበው። ሁለተኛው ዶዝ በ4 ሰዓት ተሰጠ፣ ደሙ በ8 ሰዓት ተቀዳ። ውጤቱ 6.8 ሚሊግራም በሊትር ሆኖ መጣ። ከዶዝ በፊት ተቀድቶ ቢሆን ከ1 በታች መሆን ነበረበት።

«መድኃኒቱ ተጠራቅሟል» ተባለ። ይህን ብሎ ለሐኪሙ ያስተላለፈው ፋርማሲስት እኔ ነበርኩ። መድኃኒቱ ለሁለት ቀን ቆመ፣ የልጅቷ ትኩሳት ተመልሶ መጣ። በሦስተኛው ቀን ቻርቱን ይዤ ቁጭ ስል ነው ነገሩ የገባኝ። ምንም አልተጠራቀመም። ኩላሊቷ እንደ ሰዓት ነበር የሚሠራው፣ የተሳሳተው የኛ ሰዓት ነው።

ከዚያ ወዲህ የምሠራበትን መንገድ ነው ከዚህ በታች የምጽፈው። የሚመለከተው አዋቂ ታካሚን፣ በቀን አንዴ በሚሰጥ ዶዝ ነው። የየሆስፒታላችሁ መመሪያ ቁጥሩን ትንሽ ሊለውጠው ይችላል፣ አካሄዱ ግን ያው ነው።

መጀመሪያ፦ ለምን በቀን አንዴ፣ ለምንስ ዝቅ ማለቱን እንጠብቃለን

ጄንታማይሲን ባክቴሪያን የሚገድለው በደም ውስጥ ከፍ ባለ ቁጥር ነው። ከፍ ብሎ ከመታ በኋላ ደሙ ውስጥ ቢያልቅ እንኳ ባክቴሪያው ለተወሰኑ ሰዓታት ቶሎ አያንሠራራም። ስለዚህ አንዴ ጠንከር አድርጎ መስጠት ይሻላል።

የኩላሊቱ ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነው። መድኃኒቱ የሚወጣው በኩላሊት ነው፣ ሲያልፍም የኩላሊት ቱቦዎችን የሸፈኑት ሕዋሳት እየሳቡ ወደ ውስጣቸው ያስገቡታል። የሚስቡበት ፍጥነት ግን ልክ አለው። የሰርግ ድንኳን በር አስቡ። ውጭ መቶ ሰው ቢቆምም አምስት መቶ ቢቆምም በሩ በአንዴ የሚያሳልፈው ሁለት ሁለት ሰው ነው። ሕዝቡ ለአንድ ሰዓት ተጋፍቶ ከሄደ ድንኳኑ አይሞላም። ቀኑን ሙሉ በሩ ላይ ሰው ካልጠፋ ግን፣ ጥቂት በጥቂትም ቢሆን፣ ይሞላል። ኩላሊትን የሚጎዳው ይህ ነው፣ ማለትም ለአጭር ጊዜ ከፍ ማለቱ ሳይሆን ሳይወርድ መቆየቱ። ለዚህ ነው ከሚቀጥለው ዶዝ በፊት ከ1 ሚሊግራም በሊትር በታች መውረዱን የምናረጋግጠው። ዎርድ ውስጥ ይህንን ዝቅተኛ መጠን «ትራፍ» እንለዋለን።

ከመጀመሩ በፊት፦ ክብደትና ክሪያቲኒን

ከዚህ በኋላ አንድ ታካሚ ይዘን እንሄዳለን። ከማና አካባቢ የመጡ የ58 ዓመት ቡና አምራች አባት ናቸው። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ጎናቸው ላይ ከባድ ሕመም። ኢንፌክሽኑ ከኩላሊት ወደ ደም ተዛምቷል ተብሎ ተኝተዋል።

ክብደታቸውን በሚዛን መዝኑ። «ስንት ኪሎ ነዎት አባባ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። እኚህ አባት «ሰባ» አሉኝ፣ ሚዛኑ ላይ 60 ሆኑ። ሰባ ኪሎ የነበሩት ምናልባት የዛሬ አሥር ዓመት ነው። በጣም ወፍራም ሰው ከሆነ ደግሞ ሙሉ ክብደቱን አትጠቀሙ፣ መድኃኒቱ ስብ ውስጥ ብዙም አይገባምና የተስተካከለ ክብደት ይሰላለታል።

ቀጥሎ ክሪያቲኒን። የእሳቸው 1.1 ሚሊግራም በዴሲሊትር ነበር። ኩላሊታቸው በደቂቃ ስንት ሚሊሊትር እንደሚያጠራ ለመገመት የምንጠቀምበት ስሌት ይኸውላችሁ፦

```
(140 − ዕድሜ) × ክብደት ÷ (72 × ክሪያቲኒን)
ለሴት፦ ውጤቱ × 0.85
```

82 በ60 ሲባዛ 4,920 ነው። 72 በ1.1 ሲባዛ 79.2 ነው። ሲካፈል ወደ 62 ሚሊሊትር በደቂቃ ይመጣል። መካከለኛ ነው፣ በቀን አንዴ ለመጀመር ያስኬዳል። በኪሎ 5 ሚሊግራም ሒሳብ 300 ሚሊግራም ታዘዘላቸው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ክሪያቲኒን የትናንቱን ወሬ ነው የሚነግራችሁ። ኩላሊት ዛሬ ቢጎዳ ክሪያቲኒን ሲጨምር የሚታየው ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ነው። 62 የሚለው ቁጥር መነሻ እንጂ መተማመኛ አይደለም። ይህንን ያዙልኝ፣ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

የሚወስዱትን ሌላ መድኃኒት እዩ። እኚህ አባት ለጎናቸው ሕመም ጤና ጣቢያ ሁለት ጊዜ ዲክሎፌናክ ተወግተው ነበር የመጡት። ዲክሎፌናክና ዘመዶቹ ከጄንታማይሲን ጋር ሆነው ኩላሊት ላይ ይረባረባሉ። አስቁመን ፓራሲታሞል ተካን። ፉሮሴማይድና ቫንኮማይሲንም ካሉ እንደዚሁ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ደግሞ ቤተሰብ ውስጥ በመርፌ ምክንያት ጆሮው የደነቆረ ሰው ካለ ጠይቁ። በትውልድ የሚወርድ ተጋላጭነት አለ፣ ካለ ለሐኪሙ ከመጀመሩ በፊት ንገሩ።

አሰጣጡ፦ ሰዓቱን የምትጽፉት ስትሰጡ ነው

የኛ አምፑል 2 ሚሊሊትር ውስጥ 80 ሚሊግራም ያለው ነው። 300 ሚሊግራም ማለት 7.5 ሚሊሊትር ነው፣ ሦስት አምፑል ሙሉ ከአራተኛው ደግሞ 1.5 ሚሊሊትር። አራቱንም አሟጥጦ 320 መስጠት በራሱ ለእሳቸው ክፉ አይደለም። ክፉው 320 ሰጥቶ 300 ብሎ መጻፍ ነው። 100 ሚሊሊትር ኖርማል ሳላይን ውስጥ ተደርጎ በ30 ደቂቃ ይገባል።

ከአምፒሲሊን ወይም ከመሰል የፔኒሲሊን ዘሮች ጋር በአንድ ሲሪንጅ ወይም በአንድ ከረጢት አትቀላቅሉ፣ እርስ በርስ ይገዳደላሉ። በመካከል መስመሩን እጠቡ።

አሁን ሰዓቱ። ቻርቱ ላይ «4:00» የሚል ሰዓት አስቀድሞ ታትሞ ሊኖር ይችላል። ያ መሰጠት የሚገባው ሰዓት ነው። እናንተ የምትጽፉት ድሪፑ በእውነት የተከፈተበትን ነው። ራውንድ ረዝሞ 4:50 ላይ ከተከፈተ 4:50 ተብሎ ይጻፋል። አጻጻፉም ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ ወይም ሌሊት የሚል ቃል ይኑረው፣ አጠገቡ የፈረንጁ ሰዓት ይቀመጥ፦ «ሰኞ ጠዋት 4:00 (10:00)»። እኔ ከዚያች አራስ በኋላ ያለ ቃል የተጻፈ ሰዓት ካየሁ ስልክ እደውላለሁ። ሲስተሮቹ ይቀልዱብኛል፣ ይቀልዱ።

ደም አቀዳዱ

በቀን አንዴ ለሚሰጥ ዶዝ፣ ኩላሊቱ ደህና ለሆነ ሰው፣ አንድ ናሙና ይበቃል፦ ድሪፑ ከተከፈተ ከ18 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ከሁለተኛው ዶዝ በፊት። መድኃኒቱ በቀን ውስጥ ተጠርጎ ስለሚወጣ ብዙ ዶዝ መጠበቅ አያስፈልግም፣ የመጀመሪያው ዶዝ እንደ አምስተኛው ያህል ይናገራል።

ኩላሊቱ የሚያጠራጥር ከሆነ፣ ወይም ታካሚው በጠና የታመመና ብዙ ፈሳሽ የገባለት ከሆነ፣ ሁለት ናሙና እወዳለሁ። አንዱ ማታ፣ አንዱ በማግስቱ ጠዋት። ሁለት ነጥብ ካላችሁ መድኃኒቱ በምን ፍጥነት እየወረደ እንደሆነ ታያላችሁ። አንድ ነጥብ ብቻውን የት እንዳለ እንጂ ወዴት እንደሚሄድ አይነግርም።

መድኃኒቱ ከገባበት ክንድ አትቅዱ፣ በተለይ ከዚያው ካኑላ በፍጹም። ካኑላው ውስጥ የቀረች ጠብታ ውጤቱን ሰማይ ልታወጣው ትችላለች። ሌላውን ክንድ በአዲስ መርፌ ውጉ። 3 ሚሊሊትር ገደማ በቀይ ክዳን፣ ምንም ያልተጨመረበት ቱቦ ይበቃል። የሄፓሪን ቱቦ አንዳንድ ምርመራዎችን ያዛባል፣ ተዉት።

ቱቦው ላይ የተቀዳበትን ትክክለኛ ሰዓት እዚያው አልጋው አጠገብ ጻፉ። የሥር መፈለጉ ሃያ ደቂቃ ከፈጀ የሚጻፈው ደሙ የወጣበት ደቂቃ ነው። ዘግይቶ መቅዳት ችግር የለውም፣ እውነተኛው ሰዓት እስከተጻፈ ድረስ ሒሳቡ ይስተካከላል። መላ የማይገኝለት በታዘዘው ሰዓት ተቀድቷል ተብሎ የተጻፈ፣ ግን ያልተቀዳ ናሙና ነው።

ታካሚው አምፒሲሊን የመሰለ መድኃኒትም እየወሰደ ከሆነ ለላቦራቶሪው ንገሩ። ቱቦው ውስጥ ሆኖ እንኳ ጄንታማይሲኑን ማጥፋቱን ይቀጥላል። ናሙናው ጠረጴዛ ላይ ከዋለ ውጤቱ ከእውነቱ ያንሳል፣ እናንተም «ጥሩ ወርዷል» ብላችሁ ትሸወዳላችሁ። ቶሎ የማይሠራ ከሆነ ሴረሙ ተለይቶ ፍሪዘር ውስጥ ይቀመጥ።

ውጤቱን ከማመናችሁ በፊት

ይህቺ ደረጃ ሁለት ደቂቃ ነው የምትወስደው። ያኔ ባደርጋት ኖሮ አራሷ ሁለት ቀን አትጉላላም ነበር።

መድኃኒቱ እንደገባ የሚደርስበትን ከፍታ በግምት ማወቅ ይቻላል። ሚሊግራሙን በክብደቱ ሩብ አካፍሉ። የአራሷ 250 ለ12.5 ሲካፈል 20 ነው። እንግዲህ ከ20 ተነስቶ ከ22 ሰዓት በኋላ 6.8 ላይ ቆመ ብሎ ማመን ማለት፣ ከ20 ወደ 10፣ ከ10 ወደ 5 ለመውረድ በየጊዜው 14 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል ማለት ነው። ደህና ኩላሊት ያለው ወጣት ሰው ላይ በግማሽ ለመቀነስ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ነው የሚፈጀው። ክሪያቲኒኗ ደግሞ 0.8 ነበር። አይገጥምም! ከ20 ተነስቶ ከ4 ሰዓት በኋላ 6.8 መሆኑ ግን ቁልጭ ብሎ ይገጥማል። ይህንን ያየ ሰው ወዲያው «ደሙ መቼ ነው የተቀዳው?» ይላል እንጂ መድኃኒት አያስቆምም።

ስለዚህ ውጤት ሲመጣ ሦስት ነገር ጎን ለጎን አድርጉ፦ ዶዙ የተከፈተበት ሰዓት፣ ደሙ የወጣበት ሰዓት፣ በመካከሉ ያለው የሰዓት ብዛት። የሰዓት ብዛቱን ራሳችሁ ቆጥራችሁ ወረቀቱ ላይ ጻፉት። «22 ሰዓት በኋላ፣ 0.6» የሚል ጽሑፍ ማንም አሳስቶ አያነበውም። «ትራፍ 0.6» የሚለው ግን የቀጂውን እምነት እንጂ እውነቱን አይናገርም።

ቁጥሩና ታካሚው ካልተስማሙ ድጋሚ ይቀዳ። አያሳፍርም።

ውጤቱ ዶዙን እንዴት ይቀይራል

ዋናው ነገር ይህ ነው፣ ብዙ ሰውም የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ትራፉ ከፍ ካለ የምናራዝመው በዶዞቹ መካከል ያለውን ጊዜ ነው። ከፍታው ካነሰ የምንጨምረው ሚሊግራሙን ነው። ትራፍ ከፍ አለ ብሎ ሚሊግራሙን መቀነስ የመጀመሪያ ስሜታችን ነው፣ ግን ያን ጊዜ የሚገድለውን ከፍታ ቀንሰን ኩላሊቱ ላይ የሚንቀረፈፈውን ጅራት ብዙም ሳንነካው እንቀራለን።

ወደ አባታችን እንመለስ። ሰኞ ጠዋት 4:00 (10:00) ድሪፑ ተከፈተ። ሽንታቸው ትንሽ ስለነበር ሁለት ናሙና ጠየቅን። የመጀመሪያው ማታ 12:00 (18:00) ተቀዳ፣ ከተከፈተ 8 ሰዓት በኋላ፣ 7.2 ሆነ። ሁለተኛው ማክሰኞ ጠዋት 2:00 (8:00) ተቀዳ፣ 22 ሰዓት በኋላ፣ 1.8 ሆነ።

በመካከሉ 14 ሰዓት አለ። 7.2 ግማሹ 3.6፣ የ3.6 ግማሽ 1.8። በ14 ሰዓት ሁለት ጊዜ በግማሽ ወረደ፣ ስለዚህ በግማሽ ለመውረድ 7 ሰዓት ይፈጅበታል። ካልኩሌተር እንኳ አላስፈለገንም። ቁጥሩ እንዲህ ቀና ሆኖ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው፣ ሳይመጣ ሲቀር ይህንን ተጠቀሙ፦

```
k = ln(C1 ÷ C2) ÷ t
t½ = 0.693 ÷ k
```

`C1` የመጀመሪያው ውጤት፣ `C2` የሁለተኛው፣ `t` በመካከላቸው ያለው ሰዓት ነው። `t½` በግማሽ የሚወርድበት ጊዜ ነው።

7 ሰዓት ለእሳቸው ረጅም ነው። 62 ያልነው የኩላሊት ግምት እውነት ቢሆን 3 ሰዓት ተኩል አካባቢ በሆነ ነበር። ኩላሊቱ ክሪያቲኒኑ ካለው በላይ ተዳክሟል ማለት ነው። ያን ጠዋት የተላከው ክሪያቲኒን 1.9 ሆኖ መጣ። አያችሁ፣ የትናንቱ 1.1 ያላየውን የመድኃኒቱ መጠን አየው። በአንድ ዶዝ ጄንታማይሲን ኩላሊት እንዲህ አይጎዳም፣ የጄንታማይሲን ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ ከብዙ ቀናት በኋላ ነው የሚመጣው። እዚህ ያጠቃቸው ኢንፌክሽኑ ራሱ፣ የፈሳሽ ማነስና ያ ዲክሎፌናክ ነው።

አሁን የት ላይ ከ1 በታች ይወርዳል? ጠዋት 2 ሰዓት ላይ 1.8 ነው። 7 ሰዓት ስትጨምሩ፣ ከሰዓት 9:00 ላይ፣ 0.9 ይሆናል። ከተከፈተ 29 ሰዓት መሆኑ ነው። 24 ሰዓት ላይ ብንደግመው ኩላሊቱ እረፍት አያገኝም። የሚቀጥለው አመቺ እርከን 36 ሰዓት ነው።

ከፍታውስ? ወደ ኋላ እንሂድ። 8 ሰዓት ላይ 7.2 ከነበረ፣ ከዚያ 7 ሰዓት ቀድሞ፣ ማለትም ከተከፈተ 1 ሰዓት ላይ፣ እጥፉ 14.4 ነበር። በግምት ከጠበቅነው 20 ያነሰው ሰውነታቸው ብዙ ፈሳሽ ስለያዘ ነው፣ በጠና በታመመ ሰው የተለመደ ነው። 14.4 ግን ለዚህ ኢንፌክሽን በቂ ነው። ስለዚህ 300 ሚሊግራሙ አይነካም። ከፍታው አንሶ ቢሆን ኖሮ መጨመሩ ቀላል ነበር፦ ጄንታማይሲን በልኩ ነው የሚወጣው፣ 300 ሰጥታችሁ 14.4 ካገኛችሁ 400 ስትሰጡ 19 ገደማ ታገኛላችሁ።

ለሐኪሙ ያቀረብኩት እንዲህ ነው፦ «ዶክተር፣ የ4 ሰዓቱ ዶዝ ይቅር። 300 ይቀጥል፣ ግን በየ36 ሰዓቱ። ቀጣዩ ማክሰኞ ማታ 4:00 (22:00) ነው። ካልቸሩ እንደደረሰ ሌላ መድኃኒት ከፈቀደልን ጄንታማይሲኑን እናቁም።» ኩላሊት እየተዳከመ እያለ የመጀመሪያው ጥያቄ «ዶዙን እንዴት ላስተካክል» ሳይሆን «ይህ መድኃኒት አሁንም ያስፈልጋል ወይ» ነው። በዚያን ዕለት ሌላ አስተማማኝ ምርጫ እጃችን ላይ አልነበረም፣ ስለዚህ ተስማማን። ጠዋት 4 እና ማታ 4 እንዳይምታቱ በቀይ እስክሪብቶ «ማታ» ብዬ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

ማታ 3:30 ላይ ከዶዙ በፊት አንድ ናሙና ተቀዳ። 0.5 ሆነ፣ ካሰላነው ጋር ገጠመ። ሐሙስ ጠዋት ካልቸሩ ደረሰ፣ ባክቴሪያው ለሴፍትሪያክሶንም እንደሚሸነፍ ታየ፣ ጄንታማይሲኑ በሁለት ዶዝ ቆመ።

ሁሉም ታካሚ እንዲህ ስሌት አይፈልግም። በ18 እና በ24 ሰዓት መካከል አንድ ናሙና ወስዳችሁ ከ1 በታች ከሆነና ክሪያቲኒን ካልተንቀሳቀሰ፣ ያንኑ ዶዝ ቀጥሉ፣ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ድገሙት። ከ1 እስከ 2 ከሆነ መጀመሪያ ሰዓቱን አጣሩ፣ ትክክል ከሆነ ወደ 36 ሰዓት አራዝሙ። ከ2 በላይ ከሆነ አትስጡ፣ ከ12 ሰዓት በኋላ ደግማችሁ ቅዱ፣ ከ1 በታች እስኪወርድ ጠብቁ፣ እስከዚያው ሌላ መድኃኒት ይፈለግ።

ውጤቱ ሳይመጣ የዶዝ ሰዓት ቢደርስስ? ሽንት ደህና ከሆነና ክሪያቲኒን ካልጨመረ ስጡ፣ ኢንፌክሽኑ አይጠብቅም። ክሪያቲኒን ከጨመረ ወይም ሽንት ካነሰ ውጤቱን ጠብቁ።

ምርመራው በሌለበት

ብዙ ቦታ የጄንታማይሲን መጠን መለኪያ የለም፣ ወይም ሪኤጀንቱ አልቋል። ያኔ የምትይዙት ክሪያቲኒን፣ ሽንትና የታካሚውን አፍ ነው። ክሪያቲኒን በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ይሠራ። በ48 ሰዓት ውስጥ በ0.3 ከጨመረ፣ ወይም ከመነሻው በግማሽ ካደገ፣ ቀጣዩን ዶዝ ከመስጠታችሁ በፊት ሐኪሙን ጥሩ። ሽንት በኪሎ በሰዓት ከግማሽ ሚሊሊትር ማነስ የለበትም፣ ለ60 ኪሎ ሰው በሰዓት 30 ሚሊሊትር ነው። አስታማሚዋ ምልክት ያለበት የፕላስቲክ ጠርሙስ ከያዘች ይህንን መለካት አይከብዳትም። ደግሞ ቀኑን ቁጠሩ። በሦስተኛው ቀን «አሁንም ያስፈልጋል?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ከሰባት ቀን በላይ የሚሄድ ጄንታማይሲን ያለ መጠን ምርመራ እኔን እንቅልፍ ይነሳኛል።

የማይሠራባቸው

ጨቅላ ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮች፣ ሰፊ ቃጠሎ ያለባቸው፣ ሆዳቸው ውኃ የቋጠረ፣ ዲያሊሲስ ላይ ያሉና የልብ ቫልቭ ኢንፌክሽን ያለባቸው የራሳቸው ሕግ አላቸው። ከላይ ያለውን ገልብጣችሁ እንዳትጠቀሙባቸው።

ወደ ሌላ መድኃኒትም እንዳታሸጋግሩት። ዲጎክሲን ከተዋጠ ቢያንስ ከ6 ሰዓት በኋላ ካልተቀዳ ውጤቱ በከንቱ ከፍ ይላል። ፌኒቶይን ደግሞ በልኩ አይሄድም፦ ዶዙን ትንሽ ስትጨምሩ ደሙ ውስጥ ያለው በብዙ እጥፍ ሊዘል ይችላል። «400 ስሰጥ 19 ይሆናል» ያልኩት ሒሳብ እዚያ ሰው ያሰክራል።

ከወጡ በኋላ

የጆሮና የሚዛን ጉዳት የመድኃኒቱ መጠን በደም ውስጥ ልክ ሆኖም ሊመጣ ይችላል፣ መድኃኒቱ ከቆመ በኋላም ሊጀምር ይችላል። ጄንታማይሲን ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚነካው መስማትን ሳይሆን ሚዛንን ነው። አልጋ ላይ የተኛ ሰው ሚዛኑ መጥፋቱን አያውቅም። ስለዚህ «ጆሮዎ ይጮሃል?» ብቻ ሳይሆን «ጨለማ ውስጥ ሲሄዱ ይንገዳገዳሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። በብርሃን ዓይን ያግዛል፣ በጨለማ ግን ይጋለጣል። አባታችንን ስናሰናብት ለልጃቸው ይህንኑ ነገርኩት፦ ማታ ወደ ደጅ ሲወጡ አካሄዳቸውን እይ፣ ግድግዳ መያዝ ከጀመሩ ቀጠሮ ሳትጠብቅ ይዘሃቸው ና። በሁለት ሳምንት ለክሪያቲኒን ተመለሱ፣ 1.2 ሆኗል። ልጁ ሳልጠይቀው «ማታ ማታ ከኋላቸው እየሄድኩ ነበር፣ በጭቃው ከኔ ይበልጥ ቀጥ ብለው ነው የሚራመዱት» አለኝ።